የሚወጣው ውሃ ለብ ብሎ ቱቦው የሚቃጠልበት ምክንያት
(ደብረ ብርሃን ላይ ለቴክኒሻኖችና ለምህንድስና ተማሪዎች ከተደረገ ንግግር የተጻፈ)

ጤና ይስጥልኝ። ብርዱን ችላችሁ ስለመጣችሁ አመሰግናለሁ። ኮታችሁን ባታወልቁም ቅር አይለኝም።

ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ቱቦ ነው። በውስጡ ውሃ ያልፋል። በውጭው ዙሪያ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ሽቦ ተጠምጥሞበታል። ከሽቦው በላይ ሙቀት እንዳይወጣ ወፍራም መከላከያ ተሸፍኗል። ሽቦው ከጫፍ እስከ ጫፍ በእኩል ርቀት ስለተጠመጠመ እያንዳንዱ የቱቦው ስንዝር እኩል ሙቀት ይቀበላል። በመማሪያ መጻሕፍት ውስጥ «ቋሚ የሙቀት ፍሰት ያለው ቱቦ» የሚባለው ይህ ነው። ሁለት ነገር ማወቅ እንፈልጋለን። ውሃው ሲወጣ ስንት ዲግሪ ይሆናል? የቱቦው የውስጥ ገጽስ ስንት ዲግሪ ይደርሳል?

አብዛኛው ሰው የመጀመሪያውን አስልቶ ይተወዋል። ሥራውን የሚያበላሸው ግን ሁለተኛው ነው።

ለምሳሌ የሚሆን አንድ ሥራ እንያዝ። መንዝ ላይ የበግ ጸጉር ተፈትሎ ባና ይሠራል። ጸጉሩ ከመፈተሉ በፊት መታጠብ አለበት። ቅባቱ በቀዝቃዛ ውሃ አይለቅም። እንግዲህ አንዲት ትንሽ ማጠቢያ ቤት እንዳለች እናስብ። ለብ ካለ ውሃ ከፍ ያለ፣ አርባ ምናምን ዲግሪ የሆነ ውሃ በተከታታይ ትፈልጋለች። በደቂቃ 6 ሊትር ይበቃታል። ይህ በሰከንድ 0.1 ኪሎግራም ማለት ነው። የሚገባው ውሃ 15 ዲግሪ ነው እንበል። እዚህ ጠዋት ጠዋት ከዚያም ሊቀዘቅዝ ይችላል። የቱቦው የውስጥ ስፋት 15 ሚሊሜትር፣ ርዝመቱ 4 ሜትር፣ ማሞቂያው 12 ኪሎዋት ነው።

የመጀመሪያው ጥያቄ የሂሳብ መዝገብ ጉዳይ ነው። የገባው ሙቀት በሙሉ ውሃው ውስጥ ነው ያለው፤ ሌላ መሄጃ የለውም።

To = Ti + Q / (m·cp)

m በሰከንድ የሚያልፈው ውሃ ነው። cp አንድ ኪሎ ውሃን በአንድ ዲግሪ ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኃይል ሲሆን ለውሃ 4180 ጁል ያህል ነው። 12000 ለ 0.1 እና ለ 4180 ብዜት ሲካፈል 28.7 ይሆናል። 15 ላይ ሲደመር 43.7 ዲግሪ ይወጣል። አለቀ።

እስቲ እዚህ ጋ ቆም በሉ። በዚህ ስሌት ውስጥ የቱቦው ስፋት የለም። ርዝመቱም የለም። ብረት ይሁን መዳብ አልተጠየቀም። ውሃው ረግቶ ይፍሰስ ወይም እየተናወጠ፣ ለውጥ የለውም። 4 ሜትሩን ቱቦ በ1 ሜትር ብትተኩት፣ ያው 12 ኪሎዋት እስከገባ ድረስ መውጫው ላይ ያለው ቴርሞሜትር ያንኑ 43.7 ያሳያል። ይህ በጣም ደስ የሚል ነገር ነው። ደግሞም በጣም አደገኛ ነው። ለምን እንደሆነ ትንሽ ቆይተን እናያለን።

በመንገዱ ላይ ያለውም ቀላል ነው። ሙቀቱ እኩል ስለሚከፋፈል ውሃው በየሜትሩ 7.2 ዲግሪ ያህል ይጨምራል። ሁለተኛው ሜትር ላይ 29.4 ገደማ ነው። በወረቀት ላይ ብትስሉት ቀጥ ያለ መስመር ይሆናል። በእንፋሎት የሚሞቅ ቱቦ ግን እንዲህ አይደለም። እሱ መጀመሪያ ቶሎ ይጨምርና ወደ እንፋሎቱ ሙቀት ሲጠጋ እየተለገመ ይሄዳል። የእኛ ሽቦ ግን ልጓም የለውም። ውሃው ሞቀ አልሞቀ 12 ኪሎዋቱን ይገፋል። ባዶውን የተጣደ የኤሌክትሪክ ጀበና ምን እንደሚሆን የምታውቁ ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ግድግዳው እንምጣ።

ሙቀት ከግድግዳው ወደ ውሃው የሚሻገረው ግድግዳው ከውሃው ስለሚሞቅ ነው። ልዩነቱ ምን ያህል ነው? ሁለት ነገር ይወስነዋል። አንደኛው በእያንዳንዱ ስኩዌር ሜትር ላይ የሚገፋው ሙቀት ነው፤ q እንበለው። ሁለተኛው ውሃው ያንን ሙቀት ለመቀበል ያለው ችሎታ ነው፤ h ይባላል።

Tw = Tm + q / h

Tm እዚያው ቦታ ላይ ያለው የውሃው አማካይ ሙቀት ነው። q ቀላል ነው። የውስጥ ገጹ ስፋት 3.14 ሲባዛ በ0.015 ሲባዛ በ4፣ ማለትም 0.188 ስኩዌር ሜትር ነው። 12000 ሲካፈልለት በስኩዌር ሜትር 63700 ዋት ያህል ይሆናል።

h ትንሽ ይለፋል። በመጀመሪያ ውሃው እንዴት እንደሚፈስ ማወቅ አለብን። ለዚህ የሬይኖልድስ ቁጥር አለ። ቁጥሩ ከ2300 በታች ሲሆን ፍሰቱ የተረጋጋ ነው፤ እያንዳንዱ ንብርብር በራሱ መንገድ ይንሸራተታል። ከ10000 በላይ ሲሆን በደንብ የተናወጠ ነው፤ ግድግዳው አጠገብ የሞቀው ውሃ ወዲያው ወደ መሀል ይወሰዳል። በመካከሉ ያለው አመለኛ ክልል ነው።

ስሌቱን የት ላይ እንሥራ? ብዙ ተማሪ የመግቢያውንና የመውጫውን አማካይ ይዞ በአንድ ቁጥር ይጨርሳል። ለግምት አይከፋም። ነገር ግን የምንፈራው ግድግዳው በጣም የሚሞቅበትን ቦታ ነው። እሱ ደግሞ መውጫው ነው፤ ውሃውም እዚያ ላይ ነው በጣም የሞቀው። ስለዚህ የውሃውን ጠባይ መውጫው ላይ ባለው ሙቀት እንውሰድ። በ43.7 ዲግሪ የውሃ ዝልግልግነት 0.00061 ነው፤ የሙቀት ማስተላለፍ ችሎታው 0.635፣ የፕራንድትል ቁጥሩ 4 ገደማ ነው። እነዚህን ከሠንጠረዥ ማንበብ ነው፤ ማንም በቃሉ አይይዛቸውም።

Re = 4·m / (π·D·μ) = 13900
Nu = 0.023 · Re^0.8 · Pr^0.4 = 83
h = Nu · k / D = 3500

ይህ የመሀለኛው ቀመር፣ የነሰልት ቁጥር የሚባለውን Nu ን የሚሰጠው፣ የዲተስና የቦልተር ይባላል፤ በ1930 የወጣ ነው። ሲያንስም ሲበዛም 20 በመቶ አካባቢ ሊስት ይችላል። ስለዚህ ሦስተኛ አሃዝ ላይ አትጨቃጨቁ።

63700 ለ3500 ሲካፈል 18 ዲግሪ ይሆናል። ውሃው 43.7 ከሆነ ግድግዳው 62 ነው ማለት ነው። መግቢያው አካባቢ ልዩነቱ ትንሽ ይበልጣል፤ ወደ 24 ይጠጋል። ቀዝቃዛ ውሃ ወፈር ያለ ስለሆነ ሙቀቱን ቶሎ አይቀበልም። ግን እዚያ ውሃው ራሱ 15 ስለሆነ ግድግዳው 40 እንኳ አይሞላም። የመጀመሪያዎቹ 15 ሴንቲሜትር ያህል ላይ ደግሞ ፍሰቱ ገና ቅርጹን ስላልያዘ ሙቀት መቀበሉ ይሻላል። ስለዚህ መግቢያው አያስጨንቀንም።

እስካሁን ሁሉም ደህና ነው። እንግዲህ ችግር እናምጣ።

የውሃ ግፊት ቀነሰ እንበል። ወይም ማጣሪያው በጸጉር ተደፈነ። በደቂቃ 6 ሊትር የነበረው 3 ሆነ። ማሞቂያው ምንም አላወቀም፤ 12 ኪሎዋቱን ይሰጣል። መውጫው 15 ሲደመር 57.4፣ ማለትም 72.4 ዲግሪ ይሆናል። ሠራተኛዋ ትንሽ ፈላ ብላ ቀዝቃዛ ትጨምርበታለች። «ደግሞ ዛሬ ጥሩ ይሞቃል» ልትልም ትችላለች። 72 ዲግሪ ከመፍላት ሩቅ ነው አይደል?

ግድግዳውን እናስላ። በ72 ዲግሪ ውሃው በጣም ቀጥኗል፤ ዝልግልግነቱ 0.00039 ገደማ ወርዷል። በዚህ ምክንያት ፍሰቱ በግማሽ ቢቀንስም የሬይኖልድስ ቁጥሩ መውጫው ላይ 10800 አካባቢ ነው። h ወደ 2460 ይወርዳል። ልዩነቱ 26 ዲግሪ ይሆናል። ስለዚህ ግድግዳው 98 ዲግሪ ነው።

እዚህ ላይ ጅቡቲ ያለ ሰውና ደብረ ብርሃን ያለ ሰው ይለያያሉ። ባሕር ወለል ላይ ውሃ በ100 ዲግሪ ስለሚፈላ 98 ገና ነው። ደብረ ብርሃን ግን ከባሕር ወለል 2800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። እዚህ የአየሩ ግፊት ስለሚያንስ ክፍት ዕቃ ላይ ያለ ውሃ በ91 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። ባቄላ ለምን ቶሎ እንደማይበስል እናቶቻችን ሳይማሩ ያውቁታል። የቱቦው መውጫ ክፍት ከሆነ እዚያ ያለው ግፊት የአየሩ ግፊት ነው። ስለዚህ ግድግዳው ከመፍያው ነጥብ ሰባት ዲግሪ ያህል አልፏል። መሀል ላይ ያለው ውሃ 72 ሆኖ ሳለ ግድግዳው ላይ ትናንሽ አረፋዎች መፈጠር ይጀምራሉ። ወደ መሀል ሲገቡ ይከስማሉ። ጆሮ ላስጠጋ ሰው ማንቆርቆሪያ ከመፍላቱ በፊት የሚያሰማው ዓይነት የመንሿሿት ድምፅ ነው። ያንን ድምፅ ከሰማችሁ ቴርሞሜትሩ ምንም ይበል፣ ማሞቂያውን አጥፉ።

አረፋው ራሱ ወዲያው ጉዳት አያደርስም። እንዲያውም ሙቀት ይወስዳል። ጣጣው ተከትሎት የሚመጣው ነው። በውሃው ውስጥ የሟሟው ካልሲየም ሙቀት ሲያገኘው ድንጋይ ይሆናል። ከብዙ ነገር በተቃራኒ ውሃው ሲሞቅ የመሟሟት አቅሙ ይቀንሳል። ታዲያ መጀመሪያ የሚጋገረው የት ነው? በጣም የሞቀው ቦታ ላይ፣ ማለትም ግድግዳው ላይ፣ መውጫው አጠገብ። ውሃው የከርሰ ምድር ጠንካራ ውሃ ከሆነ ደግሞ ነገሩ ይፈጥናል።

ያ ነጭ ቅርፊት ሙቀት የማስተላለፍ ችሎታው 2 ገደማ ነው። ግማሽ ሚሊሜትር ሲደርስ፣ 63700 ሲባዛ በ0.0005 ሲካፈል ለ2፣ 16 ዲግሪ ይሆናል። አንድ ሚሊሜትር ከሆነ 32። ይህ ሁሉ ብረቱ ላይ የሚደመር ነው። የሚወጣው ውሃስ? ያው 43.7! ምንም አልተለወጠም። ቅድም «ደስ የሚልና አደገኛ» ያልኩት ይህንን ነው። በእንፋሎት የሚሞቅ ቱቦ ሲቆሽሽ የሚወጣው ውሃ ይቀዘቅዛል፤ ሠራተኛው ያማርራል፤ ችግሩ ይታወቃል። በኤሌክትሪክ የሚሞቀው ሲቆሽሽ ግን የሚያማርር የለም። ሽቦው ብቻ በየቀኑ ትንሽ ትንሽ እየጋለ ይሄድና አንድ ቀን ይበጠሳል። ከዚያ «ሽቦው የማይረባ ነበር» ይባላል።

እዚህ ጋ ከፊት ከተቀመጡት ቴክኒሻኖች አንዱ እጃቸውን አነሱ። ዕድሜያቸው ገፋ ያለ፣ የማሞቂያ ሥራ ላይ ብዙ የቆዩ ሰው ናቸው። «መምህር፣ ታዲያ ቱቦውን ሰፊ ብናደርገውስ? ገጹ ሲሰፋ ሙቀቱ ይበተናል፤ ብረቱም ይቀዘቅዛል» አሉ።

ጥያቄው ጥሩ ነው፤ ጋሼ፣ አብዛኛው መሐንዲስም መጀመሪያ የሚያስበው እንዲሁ ነው አልኳቸው። እንየው። ከ15 ወደ 25 ሚሊሜትር ብናሰፋው ገጹ በእርግጥ ይጨምራል። q በዚያው ልክ ይቀንሳል። ነገር ግን ያው 6 ሊትር ውሃ በሰፊ ቱቦ ሲሄድ ቀስ ይላል። ፍጥነቱ ወደ አንድ ሦስተኛ ገደማ ይወርዳል። መናወጡ ይቀንሳል፤ h ከገጹ ጭማሪ በላይ ያሽቆለቁላል። ለተናወጠ ፍሰት የግድግዳውና የውሃው ልዩነት ከስፋቱ ጋር 0.8 ኃይል ባለው ልክ ያድጋል። 25 ለ15 ሲካፈል፣ በ0.8 ኃይል ከፍ ሲል፣ 1.5 ይሆናል። 18 የነበረው ልዩነት 27 ይሆናል ማለት ነው። ስለዚህ ማስፋት ብረቱን ያሞቀዋል እንጂ አያቀዘቅዘውም።

«እንግዲያው እናጥብበው?» አሉ ሳቅ ብለው።

ማጥበብ ይረዳል፤ ግን የግፊት ኪሳራው በጣም ይከብዳል። ስፋቱ ሲቀንስ ኪሳራው ወደ አምስተኛ ኃይል በተጠጋ ፍጥነት ይጨምራል። እዚህ ሀገር ከጣሪያ ላይ ታንከር በሚወርድ ግፊት ለምንሠራው ሰዎች ይህ አይሆንም። ሌላው መንገድ ማስረዘም ነው። ቱቦውን 8 ሜትር አድርጋችሁ ያንኑ 12 ኪሎዋት በሙሉው ላይ ብታዳርሱት q በግማሽ ይቀንሳል። h አይነካም፤ ፍጥነቱ ያው ነውና። የመውጫው ውሃም አይለወጥም። ፍሰቱ በግማሽ ቀንሶ 72 ዲግሪ በሚወጣበት ክፉ ቀን እንኳ ልዩነቱ 13 ብቻ ይሆናል። ግድግዳው 85 ላይ ይቆማል፤ ከ91 በታች። የግፊት ኪሳራው እጥፍ ይሆናል፤ እሱ ይቻላል። ማጠፍና ማጠማዘዝ ስለሚቻል ቦታም አይፈጅም።

አንዲት ወጣት ተማሪ ደግሞ «ዘይት ቢሆንስ?» አለች። የኑግ ዘይት ማጣሪያ ያለው ዘመድ ሳይኖራት አልቀረም። አጭሩ መልስ በዚህ ማሞቂያ አትሞክሪው ነው። ዘይት ወፍራም ስለሆነ በዚህ ቱቦ ውስጥ የሬይኖልድስ ቁጥሩ መቶ ቤት ውስጥ ነው፤ ፍሰቱ የተረጋጋ ነው። ለተረጋጋና ቅርጹን ለጨረሰ ፍሰት፣ ቋሚ የሙቀት ፍሰት ሲኖር፣ የነሰልት ቁጥር 4.36 ነው፤ ፍጥነት ብትጨምሪም አይንቀሳቀስም። ዘይት ግን ቅርጹን ለመጨረስ ብዙ አሥር ሜትሮች ስለሚፈልግ በ4 ሜትር ውስጥ ምናልባት እጥፉን ታገኛለሽ። እሱን ብንቀበል እንኳ h መቶ አይሞላም። 63700 ለመቶ ሲካፈል ስንት ነው? ዘይቱ ግድግዳው ላይ ይከስላል። ለዘይት በስኩዌር ሜትር የሚገፋውን ሙቀት በብዙ እጥፍ መቀነስ የግድ ነው።

አሁን ወደ ማጠቢያ ቤታችን እንመለስና ስሌቱ ከእውነታው ጋር እንደሚገጥም እንዴት እናረጋግጥ የሚለውን ላንሳ።

ፍሰቱን ለመለካት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም። 20 ሊትር ጀሪካን መውጫው ላይ አድርጉና ሰዓት ያዙ። በ3 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ከሞላ 6 ሊትር በደቂቃ ነው። 6 ደቂቃ ካለፈ ፍሰቱ ወደ ግማሽ ተጠግቷል። ኃይሉን በአምፔር መለኪያ እዩ። ሦስት ፌዝ 380 ቮልት ላይ 12 ኪሎዋት በእያንዳንዱ መስመር 18 አምፔር ገደማ ነው። ቮልቴጁ ከወረደ ኃይሉ በካሬው ይወርዳል፤ 10 በመቶ የወረደ ቮልት 19 በመቶ ኃይል ይወስዳል። እነዚህን ሁለቱን ይዛችሁ To ን አስሉና ከቴርሞሜትሩ ጋር አስተያዩ። ቴርሞሜትሩ ቢያንስ ከአንድ ኤልቦ በኋላ ይሁን፤ ውሃው ተደባልቆ እንዲደርሰው። ግድግዳ ከነካ የሚያነበው የውሃውን ሙቀት አይሆንም።

ቴርሞሜትሩ ከስሌቱ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ካነሰ መከላከያው እያፈሰሰ ነው። የደብረ ብርሃን ነፋስ ባልተሸፈነ ቱቦ ላይ አይቀለድም። ከስሌቱ ከበለጠ ግን ሙቀት ከየትም አልመጣም። ጀሪካኑን እንደገና ሙሉት።

የግድግዳውን ሙቀት ከውስጥ መለካት ከባድ ነው። የሚቻለው ከውጭ፣ ከሽቦው ጥምጥም መካከል፣ ከሽቦው በደንብ ተለይቶ ቴርሞኮፕል ማሰር ነው። ቦታው የመጨረሻው የሞቀ ስንዝር ይሁን። ቱቦው 2 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው የማይዝግ ብረት ከሆነ በብረቱ ውፍረት ውስጥ ራሱ 8 ዲግሪ ያህል ልዩነት አለ፤ ውጭው ይበልጣል። መዳብ ከሆነ ልዩነቱ ከአንድ ዲግሪ በታች ነው፤ እርሱት።

በ4 ሜትሩ የማይዝግ ብረት ቱቦ እንቀጥልና ንባቡ እንዲህ ይሆናል። ንጹሕ ቱቦ፣ ሙሉ ፍሰት ሲሆን የውስጥ ገጹ 62፣ ከውጭ 70 ነው። ፍሰቱ በግማሽ ሲወርድ ከውጭ 106 ይሆናል። ፍሰቱ ሙሉ ሆኖ ግማሽ ሚሊሜትር ቅርፊት ሲያበጅ ደግሞ ከውጭ 86 ነው። እንግዲህ ቴርሞኮፕሉን ማሞቂያውን ከሚያጠፋው ኮንታክተር ጋር አገናኙና 85 ላይ እንዲያጠፋ አድርጉት። ውሃ ሲያንስ በቶሎ ያጠፋል። ጀሪካኑ በ3 ደቂቃ ከ20 ሞልቶ እያለ ካጠፋ ቱቦውን ፍቱትና በሎሚ አሲድ እጠቡት፤ ውስጡ ግማሽ ሚሊሜትር ድንጋይ አለ።